ትራንስፎርሜሽናል እና ትራንዛክሽናል አመራርን በኮርስ ጽሑፍ ስለማወዳደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሊደርሺፕ ኮርስ ጽሑፎችን ማረም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በየተርሙ የማይቀር አንድ ርዕስ አለ፦ «ትራንስፎርሜሽናልና ትራንዛክሽናል አመራርን አወዳድሩ»። ቀላል ይመስላል። ብዙዎች ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ፤ አንዱን ጥሩ፣ ሌላውን መጥፎ ያደርጉና ማወዳደሩን ትተው ወደ ማወደስ ይገባሉ። ተማሪዎች ከክፍል በኋላ ቆመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ሁለቱ በአጭሩ ምንድን ናቸው?

ትራንዛክሽናል አመራር ልውውጥ ነው። ይህን ሥራ ከሠራህ ይህን ታገኛለህ፤ ካልሠራህ ደግሞ የሚከተለው ይህ ነው። መሪው የሚፈልገው ነገር አለ፣ ተከታዩም የሚፈልገው አለ፤ ሁለቱ በግልጽ ይስማማሉ።

ትራንስፎርሜሽናል አመራር ተከታዩ የሚፈልገውን ነገር ራሱን ለመለወጥ ይነሳል። ሰውየው «ምን አገኛለሁ?» ከሚለው አልፎ «ይህ ሥራ ለምን አስፈለገ?» ብሎ እንዲያስብ፣ ከዚያም ከግል ጥቅሙ በላይ ለጋራው ዓላማ እንዲለፋ ያደርጋል።

አንድ የቃል ጥንቃቄ ልጨምር። በአማርኛ «የለውጥ አመራር» ስንል ብዙ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ አሠራር ወይም መዋቅር የሚያስገባበትን ሂደት ማለታችን ነው። ያ ሌላ ርዕስ ነው። ትራንስፎርሜሽናል አመራር የሚለውጠው ሰዎቹ ለሥራው ያላቸውን አመለካከት ነው፤ መዋቅሩ ምንም ሳይነካ ሊከሰት ይችላል። ሁለቱን አቀላቅለው ግማሹን ገጽ ስለ መዋቅር ለውጥ የጻፉ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ጽሑፋቸው ጥሩ ነበር፤ ግን ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር። ስለዚህ እኔም እዚህ ሁለቱን ቃላት እንደ ክፍል ውስጥ አጠራራችን እተዋቸዋለሁ።

በርንስን ልከተል ወይስ ባስን? ልዩነት አላቸው እንዴ?

አላቸው፤ የጽሑፋችሁ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነውም እዚህ ላይ ነው።

ጄምስ ማክግሬጎር በርንስ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁርና የታሪክ ጸሐፊ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱን ዓይነቶች ለየ። ያየው የፖለቲካ መሪዎችን ነው። ፖለቲከኛው ድምፅ ይፈልጋል፣ መራጩ ሥራ ይፈልጋል፣ ይለዋወጣሉ፤ ልውውጡ ሲያልቅ የሚያስተሳስራቸው ነገር ላይኖር ይችላል። ሌላው ዓይነት መሪ ግን ተከታዩን በሞራል ከፍ ያደርጋል፣ እሱም አብሮ ከፍ ይላል። ለበርንስ እነዚህ የአንድ መስመር ሁለት ጫፎች ናቸው። ወደ አንዱ ስትቀርብ ከሌላው ትርቃለህ።

በርናርድ ባስ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ወደ መሥሪያ ቤቶችና ወደ ጦር ሠራዊት አመጣው፣ የሚለካ ነገርም አደረገው። ትልቁ ለውጡ ግን መለኪያው ብቻ አይደለም። ባስ ጫፎቹን አንድ መስመር ላይ አላስቀመጣቸውም፤ ሁለት የተለያዩ መስመሮች አደረጋቸው። አንድ መሪ በሁለቱም ከፍ ሊል ይችላል፣ በሁለቱም ዝቅ ሊል ይችላል። እንዲያውም ትራንስፎርሜሽናሉ በትራንዛክሽናሉ ላይ ተጨምሮ የሚመጣ ነው አለ። ልውውጡ ሰውን የተጠበቀበትን ያህል ያሠራዋል፤ ሌላው ከተጠበቀበት በላይ እንዲሄድ ይገፋፋዋል። ይህን «የጭማሪ ውጤት» ብለን እንጥራው።

አሁን ስህተቱ ይታያችኋል። ተማሪው መግቢያው ላይ በርንስን ይዞ «ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው» ይላል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የባስን መለኪያዎች ያመጣል። መደምደሚያው ላይ ደግሞ «ጥሩ መሪ ሁለቱንም ይጠቀማል» ይላል። ሦስቱ አብረው አይሄዱም። ተቃራኒ ጫፎች ከሆኑ ሁለቱንም በአንዴ መጠቀም አይቻልም። በአንዱ መቆም አለባችሁ፤ ወይም ልዩነታቸውን ራሱን የጽሑፉ ጉዳይ ማድረግ። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ግን በጣም የምወደው እሱን ነው።

ክፍሎቻቸውን ሁሉ መዘርዘር አለብኝ?

ማወቅ አለባችሁ፤ መዘርዘር ግን ገጽ ይበላል።

በትራንዛክሽናሉ በኩል በውጤት የታሰረ ሽልማት አለ። ከዚያ ስህተትን እየተከታተሉ ማረም አለ፤ መሪው ዓይኑን ሥራው ላይ ጥሎ ከመስመር የወጣውን ወዲያው ይይዛል። ችግሩ ከፈነዳ በኋላ ብቻ የሚደርሰውም ዓይነት አለ። በትራንስፎርሜሽናሉ በኩል አራት ናቸው፦ አርአያ መሆን፣ በዓላማ ማነሳሳት፣ አስተሳሰብን መቀስቀስ፣ ለእያንዳንዱ ሰው እንደየሁኔታው ትኩረት መስጠት። ከሁለቱም ውጭ ልቅ አመራር አለ፤ መሪው በቦታው አለ፣ አመራሩ ግን የለም።

ለጽሑፋችሁ ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት መርጣችሁ በደንብ ብታሳዩ ይበቃል። ሰባቱንም በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር መንካት ከስላይድ የተገለበጠ ይመስላል።

ምሳሌ ስጡ ይሉናል። ጥሩ ምሳሌ ምን ይመስላል?

ጥሩ ምሳሌ ትንሽ ነው። አንድ ቡድን፣ አንድ ችግር፣ ጥቂት ሳምንት። አንዱን ከነዝርዝሩ ላሳያችሁ። ቡድኑን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ እናንተም በሥራ ቦታችሁ ያያችሁትን በዚህ መልክ ልትጽፉት ትችላላችሁ።

በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የሆኑ ዘጠኝ ነርሶች አሉ እንበል። ለበሽተኛ መድኃኒት ሲሰጥ ወዲያው በቅጹ ላይ ሰዓቱን ጽፎ መፈረም ግዴታ ነው። ቅጾቹ ግን ዘግይተው ይሞላሉ፤ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይሞሉ ያድራሉ። ይህ አደገኛ ነው። ቅጹ ላይ ካልተጻፈ የጠዋቷ ነርስ ያልተሰጠ መስሏት ደግማ ልትሰጥ ትችላለች።

የክፍሉ ኃላፊ መጀመሪያ በልውውጥ ጀመረች። ለአንድ ወር ቅጹን ሳያጓድል የሞላ ሰው የሚቀጥለውን ወር ተራውን ቀድሞ ይመርጣል አለች። ይህ በውጤት የታሰረ ሽልማት ነው። በዚያ ላይ በየጠዋቱ ርክክብ ሲደረግ ቅጾቹን ራሷ ማየት ጀመረች፤ ባዶ ቦታ ካገኘች እዚያው ትጠይቃለች። ይህ ደግሞ እየተከታተሉ ማረም ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ባዶ ቦታ ጠፋ። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «ትራንዛክሽናል አመራር ሠራ» ብሎ ያቆማል። ኃላፊዋ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። የሰዓቶቹ አጻጻፍ ተመሳሰለባት። 10፡00፣ 10፡30፣ 11፡00። ማንም ነርስ ስምንት በሽተኛ ዘንድ እየዞረ ልክ በየግማሽ ሰዓቱ መድኃኒት አይሰጥም። የብዕሩ ቀለምና የእጅ ጽሑፉ ፍጥነትም ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። ቅጹ ሊነጋ ሲል በአንድ ቁጭታ እየተሞላ ነው ማለት ነው። ሽልማቱ የከፈለው ለተሞላ ቅጽ ነበር፤ ያገኘውም የተሞላ ቅጽ ነው። በሰዓቱ መሞላቱን ማንም አልገዛም።

ይህ የትራንዛክሽናል አመራር እውነተኛ ድክመት ነው። በጽሑፋችሁ «ሰውን ያሰለቻል» ከማለት ይልቅ ይህን አሳዩ፦ ልውውጥ የሚገዛው የተቆጠረውን ነገር ነው።

ከዚያ ኃላፊዋ አካሄዷን ቀየረች። ነርሶቹን ሰብስባ ማን እንዳጠፋ ሳትጠይቅ «መድኃኒት ከሰጣችሁበት ደቂቃ እስከ ፊርማው ድረስ ምን ይገጥማችኋል?» አለቻቸው። አስተሳሰብን መቀስቀስ የሚባለው ይህ ነው፤ አሠራሩን ራሱን ለጥያቄ መክፈት። መልሱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የመድኃኒቱ ጋሪ በሽተኛው ጋ ይሄዳል፣ ቅጹ ግን ኮሪደሩ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ፊርማ መመላለስ ስለማይቻል በኋላ ይሞሉታል። አንዷ አዲስ ነርስ ደግሞ መጠኑን እርግጠኛ ሳትሆን መፈረም ትፈራ ነበር፤ ሰው ፊት መጠየቅም አፍራለች። ኃላፊዋ ሁለት ሌሊት አብራት ዞረች። ይህ ለግለሰብ ትኩረት መስጠት ነው። ቅጹም በክሊፕ ቦርድ ጋሪው ላይ ታሰረ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት የሰዓቶቹ አጻጻፍ ተዛባ። 10፡07፣ 10፡19፣ 10፡52። የተዛባው ሰዓት ነው እውነተኛው።

አሁን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የጠዋቱ ቁጥጥር አልቀረም። ኃላፊዋ ልውውጡንና ክትትሉን አላፈረሰችም፣ በላዩ ላይ ጨመረች። የባስ የጭማሪ ውጤት ማለት ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ለውጡን ያመጣው አመራሩ ነው ወይስ ክሊፕ ቦርዱ? ምናልባት ሌላ ኃላፊ ማንንም ሳታናግር ቅጹን ጋሪው ላይ ብታስር ኖሮ ውጤቱ ያው ይሆን ነበር። ይህን ጥያቄ ራሱ ተማሪው ሲያነሳው ሳይ ደስ ይለኛል። መልሱን ባያገኝ እንኳ ምሳሌው ምን ያህል እንደሚያስረዳና የት ላይ እንደሚቆም አውቋል ማለት ነው።

ጥናቶች የትኛው ይሻላል ይላሉ?

በብዛት የሚጠቀሰው የጀጅና የፒኮሎ የ2004 እ.ኤ.አ. ሜታ-አናሊሲስ ነው፤ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያጠናቀረ ማለት ነው። ከ87 ምንጮች 626 ቁርኝቶችን፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳዩ ቁጥሮችን፣ ሰበሰቡ። ትራንስፎርሜሽናል አመራር እንደ ሥራ እርካታና የመሪው ውጤታማነት ካሉ ነገሮች ጋር ያለው ቁርኝት በአጠቃላይ 0.44 ሆነ። በውጤት የታሰረ ሽልማት 0.39። ልቅ አመራር ከዜሮ በታች፣ −0.37።

ተማሪዎች 0.44 ከ0.39 ይበልጣል ብለው ይደሰቱና ያልፋሉ። ቆም በሉ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሰፊው ልዩነት ያለው በሁለቱና በልቅ አመራር መካከል ነው። ማለትም ከሁሉ የሚጎዳው መሪው ሲጠፋ ነው።

ከዚያም የሚገርም ሌላ ቁጥር አለ። በትራንስፎርሜሽናል አመራርና በውጤት በታሰረ ሽልማት መካከል የተገኘው ቁርኝት 0.80 ነው። ይህ በጣም ከፍተኛ ነው። ሠራተኞች አለቃቸውን በአንዱ ከፍ ካደረጉት በሌላውም ከፍ ያደርጉታል። ሁለቱን ተቃራኒ ጫፎች ናቸው ለሚል ሰው ይህ ቁጥር ትልቅ ራስ ምታት ነው። ለባስም ቢሆን ሙሉ ምቾት አይሰጥም፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ከሆኑ ለምን ይህን ያህል አብረው ይሄዳሉ?

አንዱ ምክንያት ሊሆን የሚችለው ቃሉን የሚጠብቅ አለቃ ነው። የተስማማበትን ሽልማት በሰዓቱ የሚሰጥ ሰው እምነት ያተርፋል። እምነቱ ደግሞ አርአያ ያደርገዋል። ልውውጡ ራሱ ለሌላው መሠረት ይጥላል። ሌላው ምክንያት ከመለኪያው ሊሆን ይችላል፤ ወደዚያ አሁን እመጣለሁ።

ሂስ ጻፉ ስንባል ምን እንበል?

ከመለኪያው ጀምሩ። በሰፊው የሚሠራበት መጠይቅ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤም-ኤል-ኪው ይባላል፣ 45 ጥያቄዎች አሉት። መላሹ መሪው አንድን ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚያደርግ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ችግሩ ይህ ነው፦ ብዙ ጊዜ ያው ሠራተኛ ስለ አለቃው ባሕርይም፣ ስለ ራሱ እርካታም ይመልሳል። አለቃውን የሚወድ ሰው ሁሉንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ከፍ ያለው ቁርኝት ምን ያህሉ የአመራሩ፣ ምን ያህሉ የመውደድ እንደሆነ መለየት ይከብዳል።

ሁለተኛው ሂስ ከትርጉሙ ይመጣል። ቫን ክኒፐንበርግና ሲትኪን በ2013 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ትችት አቀረቡ። ከትችታቸው አንዱ፣ ጽንሰ ሐሳቡ የሚገለጸው በውጤቱ ነው የሚል ነው። «የሚያነሳሳ መሪ ሰዎችን ያነሳሳል» ማለት ክብ ውስጥ መዞር ነው። ሰዎች ሲነሳሱ መሪውን ትራንስፎርሜሽናል ካልነው፣ ትራንስፎርሜሽናል ስለሆነ ተነሳሱ ልንል አንችልም።

ሂሱን ብቻ ጽፋችሁ አትተዉት ግን። ምክንያትና ውጤትን ለመለየት የተሞከሩ ጥናቶችም አሉ። ድቪርና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በእስራኤል ጦር ውስጥ መሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን የትራንስፎርሜሽናል ሥልጠና፣ ሌላው የተለመደ የአመራር ሥልጠና ወሰደ። የመጀመሪያው ቡድን መሪዎች የመሯቸው ሰዎች የተሻለ እድገትና አፈጻጸም አሳዩ። ዕጣው ትልቅ ነገር ነው፤ «መጀመሪያውኑ ጎበዝ መሪዎች ነበሩ» የሚለውን ጥርጣሬ በጣም ያዳክመዋል። ወታደራዊ ሥልጠና ላይ የታየው በቢሮ ይደገማል ወይ ብላችሁ ደግሞ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የዋናው መከራከሪያ ዓረፍተ ነገር እንዴት ይጻፍ?

ደካማው ይህን ይመስላል፦ «ትራንስፎርሜሽናል አመራር ከትራንዛክሽናል አመራር የተሻለ ስለሆነ መሪዎች ሊጠቀሙበት ይገባል።» ማንም አይከራከርበትም፤ ምንም አይነግረንምም።

ከላይ ካለው የነርሶች ምሳሌ ተነስተን ሌላ እንሞክር፦ «ውጤቱ በቀላሉ ሊቆጠር በሚችል ሥራ ትራንዛክሽናል አመራር ይበቃል፤ የተቆጠረው ነገርና የተፈለገው ነገር ሲለያዩ ግን ትራንስፎርሜሽናል አመራር ካልተጨመረበት ሰዎች ለቁጥሩ ብቻ ይሠራሉ።» ይህ ሁኔታውን ይጠቅሳል፣ ምክንያት ይሰጣል፣ ስህተት ሆኖም ሊገኝ ይችላል። አንባቢው «እስቲ አሳየኝ» ይላል። ያን ጊዜ የምትጽፉት አላችሁ።

አንቀጾቹን እንዴት ላደራጅ?

ስለ አንዱ ሦስት ገጽ፣ ስለ ሌላው ሦስት ገጽ አትጻፉ። እንዲያ ሲሆን ማወዳደሩን ለአንባቢው ትታችሁለት ትሄዳላችሁ። በየነጥቡ ሂዱ፤ ሰውን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው፣ ስህተት ሲፈጠር መሪው ምን ያደርጋል፣ መሪው ሲሄድ ምን ይቀራል። በእያንዳንዱ ነጥብ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሟቸው።

ታዋቂ መሪን ምሳሌ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ታዋቂ ሰው ስትመርጡ ውጤቱን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ያደረገው ሁሉ ትራንስፎርሜሽናል መስሎ ይታያል። ያው ሰው በድርድር ሲለዋወጥ፣ ሲሾም፣ ሲቀጣ የነበረው ከታሪኩ ይወጣል።

በዚህ አጋጣሚ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ሂትለርስ? ሕዝብን አነሳስቷል። በርንስ አይደለም ይል ነበር፤ ለእሱ ሞራል የትርጉሙ አካል ስለሆነ ጨቋኝ ገዥ እዚያ ቦታ የለውም። ባስ መጀመሪያ ላይ ለመልካሙም ለክፉውም መሪ በር ክፍት ትቶ ነበር። በኋላ ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ከስታይድልማየር ጋር እውነተኛውንና አስመሳዩን ለየ። አስመሳዩ ስለ ጋራ ዓላማ ያወራል፣ የሚሠራው ግን ለራሱ ነው። የምትጽፉት ስለ ሥነ ምግባር ከሆነ ይህ ልዩነት ለብቻው አንድ ክፍል ይገባዋል። ካልሆነ ግን ሂትለርን ለማስደንገጥ ብላችሁ አታምጡት።

አለቃ ሠራተኛን ሲያመሰግን ከየትኛው ወገን ነው?

ይህ ከሚጠየቁኝ ሁሉ ጥሩው ጥያቄ ነው። ምስጋናው በምን ላይ እንደታሰረ እዩ። «ሪፖርቱን በሰዓቱ ስላስገባህ አመሰግናለሁ» ክፍያ ነው፤ ገንዘብ ባይሆንም ልውውጥ ነው። «ያንን ስህተት ራስህ አግኝተህ መናገርህ ሌሎቹም እንዲናገሩ ድፍረት ሰጣቸው» ግን ድርጊቱን ከቡድኑ ዓላማ ጋር ያገናኘዋል፣ ሰውየው ራሱን የሚያይበትን ዓይንም ይነካል። ቃሉ ብቻ አይበቃም ታዲያ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር በየሳምንቱ ለሁሉም የሚደግም አለቃ ቢኖር ሠራተኞቹ በአንድ ወር ውስጥ እንደ ክፍያ ይቆጥሩታል። ስለዚህ በጽሑፋችሁ አንድን ድርጊት በአንዱ ሳጥን ከማስገባታችሁ በፊት ከዚያ በፊት ምን እንደተባለ፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው ምን እንዳደረገ ጻፉ።